«ደህና ነን» ያለ ሁሉ አኩርፏል?

ወረታ ላይ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት አካባቢ፣ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ከተገናኙ ሰላምታው ቶሎ አያልቅም። ይጨባበጣሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። እንዴት ነህ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ? ለሁሉም መልሱ አንድ ነው። ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፣ ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። በሬው ትናንት ታሞበት ያደረ ሰው እንኳ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። የበሬው ነገር የሚነሣው ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ «ምን እባክህ...» ሲባል ነው።

በዚህ ሰላምታ ያደገ ሰው አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት «ደህና ነን» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ያገኛል። ያውም ከአንድ ቀን በኋላ። «አንተስ?» የለ፣ «ጠፋህ እኮ» የለ፣ ምርቃት የለ። ወዲያው የሚመጣለት ሐሳብ አንድ ነው፤ «ምን አድርጌያቸው ነው የተቀየሙኝ?»

ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በዚህ አገር ሰላምታ መንሳት የታወቀ ቅጣት ነው። ሁለት ሰዎች ክፉኛ መጣላታቸውን ለመግለጽ «የእግዜር ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም» ይባላል። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩን ሲጨርስም የእርቁ ማሳያ ሁለቱ ተነሥተው መሳሳማቸው ነው። ከዚህ ዝቅ ያለው ደረጃ ደግሞ ኩርፊያ ነው። ያኮረፈ ሰው አይሳደብም፣ አይጮህም። ቃሉን ያሳጥራል። «እንዴት አደርክ?» ሲባል «ደህና» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ አጭር መልስ ሲያይ ኩርፊያ የሚሸተው ሰው የገዛ ባህሉን በትክክል እያነበበ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ያንን ንባብ ከመንገድ ላይ አንሥቶ ስልክ ላይ ሲያሳርፈው ነው።

ኩርፊያ ፊት ለፊት ሲሆን ማነጻጸሪያ ይዞ ይመጣል። ያኮረፈው ሰው ከጎንህ ከቆመው ጋር ይሳሳቃል፣ ወደ አንተ ሲዞር ፊቱ ይጠቁራል። ማኩረፉ እንዲታወቅለት ይፈልጋልና ልዩነቱን እያጎላ ያሳያል። አንተም የምታነበው «ደህና» የሚለውን ቃል ብቻ አይደለም፤ ለሌላው በሰጠውና ለአንተ በሰጠው መካከል ያለውን ርቀት ነው። በስልክ መልእክት ላይ ግን ያ ርቀት የለም። ሰውየው በዚያው ሰዓት ለሌሎች ምን ብሎ እንደጻፈ አይታይም። ለሁሉም ሁለት ቃል ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱም ሳይጽፍ ለአንተ ብቻ መልሶ ሊሆንም ይችላል።

ነገሩን የሚያባብስ ሌላ ልማድም አለ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ርእስ የሰጠው ያለ ነገር አልነበረም። አማርኛ ተናጋሪ ከላይ ከተባለው በታች ሌላ የተባለ ነገር እንዳለ አስቦ ማዳመጥን ከልጅነቱ ይማራል። ለቅኔና ለሽምግልና ይህ ጆሮ ሀብት ነው። ሁለት ቃል ያላት የስልክ መልእክት ላይ ሲውል ግን ወርቅ በሌለበት ጉድጓድ መቆፈር ይሆናል። ሰም ብቻ የሆነ ነገርም አለ እኮ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር ነው እንዳይባል፣ ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ጥናት አለ። ሰዎች በኢሜይል ዓረፍተ ነገሮች እንዲልኩ ተደረገ፤ አንዳንዱ የምር፣ አንዳንዱ ምጸት። ላኪዎቹ ከመቶ 78 ያህሉን ተቀባዩ በትክክል ይለይልናል ብለው ገመቱ። ተቀባዮቹ የለዩት ግን 56 ያህሉን ነው። ሳንቲም ወርውሮ መገመት 50 ያስገኛልና ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በድምፅ የሰሙት ከመቶ 73 ያህሉን ለይተዋል። ከጽሑፍ ላይ የሰው ስሜት ማንበብ፣ ሰው ራሱ እንደሚያስበው ቀላል አይደለም።

እንግዲህ አንድ ጉዳይ ይዘን እንመርምር። እንበል፣ አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት ወጣት ኅዳር ወር ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከወረታ ዝቅ ብሎ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ለሚኖሩ አጎቷ እንዲህ ብላ ጻፈች፤

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ቤት ሁሉ ሰላም ነው? አክስቴስ? ልጆቹስ? አዝመራው እንዴት ነው?»

ረቡዕ ማታ መልስ መጣ። በላቲን ፊደል የተጻፈ «dena nen» የሚል ነው። ሌላ ምንም የለም። ወጣቷ ባለፈው ክረምት አጎቷ ለማዳበሪያ ብር ጠይቀዋት አልላከችም ነበር። አሁን በቃ፣ ነገሩ ተገጣጠመላት። ብሩን ስላልላክሁ ተቀይመውኛል አለች።

ይህች መልስ ለምን እንዲህ ሆነች ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። መጀመሪያ ጥያቄዎቹን እንቁጠር፤ አምስት ናቸው። አምስቱም የሰላምታ ጥያቄዎች ናቸው፤ ማለትም መንገድ ላይ ቢሆን አንድ በአንድ እየተጠየቁ፣ አንድ በአንድ «እግዚአብሔር ይመስገን» እየተባለላቸው የሚያልፉ ናቸው። ሰላምታውን የሚያረዝመው ምልልሱ ነው እንጂ የመልሱ ይዘት አይደለም። በጽሑፍ ግን አምስቱም በአንድ ላይ ታስረው መጡ። መላሹ አምስት ጊዜ «ይመስገን» ብሎ አይጽፍም። አምስቱን አንድ ላይ አጥፎ «ደህና ነን» አለ። ልብ ማለት የሚገባው «ነን» የምትለዋን ነው። «ደህና ነኝ» አላሉም። አክስትም፣ ልጆችም፣ ቤትም ተጠይቀው ነበርና ስለ ሁሉም መለሱ። የተጠየቁትን በሙሉ መልሰዋል ማለት ነው። የቀረው «አንቺስ?» ብቻ ነው።

ቀጥሎ ስልኩን እንይ። አጎትየው የያዙት ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ነው እንበል። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አጭር የስልክ መልእክት አንዱ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ክፍተትና ነጥብም ይቆጠራል። በላቲን ፊደል ከተጻፈ 160 ይይዛል። የወጣቷ ሰላምታ ከነክፍተቱ 56 ነው፤ ከአንድ መልእክት የተረፈው 14 ብቻ ነው። ከ70 ያለፈ ጽሑፍ በስልኩ ላይ አንድ ሆኖ ቢታይም ሲላክ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። ብዙ ሰው ቁጥሩን አያውቀውም፤ ካርዱ ቶሎ እንደሚያልቅ ግን ያውቃል። በእነዚያ ቁልፎች አንድ ፊደል ለማግኘት አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። አንዳንዱ ቀፎ ጭራሹን ግዕዝ የለውም። አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ደግሞ ለተለማመደው የከተማ ልጅ ነው እንጂ ሠርቶ አዳሪ ገበሬ የሚመቸው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ይጠራል፣ የመጣው መልእክት ጮክ ብሎ ይነበባል፣ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ አባት ይናገራል፤ «ደህና ነን በላት፣ እግዜር ያክብርልን በላት፣ አዝመራውም ደግ ነው በላት፣ አንቺ እንዴት ሰንብተሻል በላት።» ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «dena nen» ብሎ ይጽፍና ይልካል። ተናጋሪው ሙሉ ሰላምታ ልኬያለሁ ብሎ ይተኛል። አዲስ አበባ የደረሰው ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስንፍና ነው። ልጁንስ ማን ይፈርድበታል?

የቀኑም ነገር አለ። የፎገራ ሜዳ የሩዝ አገር ነው። ሩዙ በክረምት፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ውኃ ውስጥ ያድጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ አረም ሲነቅል ይውላል፤ እዚያ ስልክ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳ ነው። በማጭድ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማ ላይ ይወቃል። ሥራው በወንፈልና በደቦ ስለሚሠራ ተራው የደረሰው ሰው ሃያ ጎረቤት እያበላና እያጠጣ ነው የሚውለው። ሩዙ ከተነሣ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ውኃ ያለው ሽንኩርት ይተክላል። ኅዳር ማክሰኞ ጠዋት የተላከ መልእክት ረቡዕ ማታ ከተመለሰለት፣ ለዚያ ወር ዘግይቷል ሊባል አይችልም። መብራት ባልገባበት ቤት ደግሞ ስልኩ ራሱ ቻርጅ ሊደረግ ከተማ ሄዶ ሊያድር ይችላል።

ከተማ ያለው ነጋዴ ሌላ ዓይነት አጭር መልስ አለው። ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ስልኩ ይጮኻል፤ «ሰላም ነው?» ብሎ የሚጀምረው ሁሉ ዋጋ ሊጠይቅ ነው። ሰላምታው የጥያቄው በር መሆኑን ስለለመደ «ደህና፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል፤ አንዳንዴ ሰላምታውን ዘሎ ዋጋውን ብቻ ይጽፋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ ከመላሹ ይልቅ የጠያቂዎቹ ነው። የከተማ ሰው ሰላምታን የጉዳይ መግቢያ አድርጎ ሲጠቀምበት ከርሞ፣ አንድ ቀን እውነተኛ ሰላምታ ሲልክ መልሱ ደረቀብኝ ብሎ ማማረሩ ትንሽ ያስቃል።

ወደ ቴሌግራምና ዋትሳፕ ስንመጣ ጥርጣሬውን የሚያፋፍሙት ትንንሾቹ ራይቶች ናቸው። ሁለቱ መተግበሪያዎች ራይቱን አንድ ዓይነት አድርገው አይጠቀሙበትም፤ ብዙ ጭቅጭቅም ከዚህ ይመነጫል። ዋትሳፕ ላይ አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ከላኪው ወጥቷል ማለት ነው፤ ሁለት ግራጫ ራይት ተቀባዩ ስልክ ደርሷል ማለት ነው፤ ተነበበ የሚባለው ሁለቱ ሰማያዊ ሲሆኑ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን አንዱ ራይት መልእክቱ የቴሌግራም ማከማቻ መድረሱን ብቻ ያሳያል፤ ተቀባዩ ስልክ መድረሱን የሚለይ ምልክት የለም። ሁለት ራይት ማለት ውይይቱ ተከፍቷል ማለት ነው። ዋትሳፕ የለመደ ሰው ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት አይቶ «ዘግቶኛል» ይላል፤ ቴሌግራም የለመደው ደግሞ ዋትሳፕ ላይ ሁለት ግራጫ አይቶ «አንብቦ ዝም አለኝ» ይላል። ሁለቱም የሚያስቡት ነገር አልተከሰተም።

በቴሌግራም `last seen recently` የሚለው ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ሰውየው ሰዓቱን ከደበቀ ይህ ጽሑፍ ከአንድ ሰኮንድ ጀምሮ እስከ ሁለት ሦስት ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። «አሁን እኮ ገብቶ ነበር» የሚያሰኝ ማስረጃ አይደለም። ገብቶ ቢሆንም እንኳ መግባት ማንበብ አይደለም፣ ማንበብም ለመመለስ ጊዜ ማግኘት አይደለም።

በአማራ ክልል ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ምክንያት ነበር። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በእነዚያ ወራት ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ የተላከ የቴሌግራም ሰላምታ አንድ ራይት ይዞ ቁጭ አለ። ላኪው «ከላክሁለት ስንት ጊዜው» እያለ ይቆጥራል፤ ተቀባዩ ግን መልእክት መኖሩንም አያውቅም። ዳታ ሲመለስ የወራት መልእክት በአንድ ጊዜ ይዘንባል። ሰውየው አርባ ውይይት በተከታታይ ይከፍታል፤ ለአርባ ሰው ሁለት ራይት ይታየዋል። አርባውም በሰዓታት ውስጥ መልስ ይጠብቃል። እሱ ደግሞ ኔትወርኩ እንደገና ሳይጠፋ ለሁሉም «ሰላም ነን» ብሎ ለማለፍ ይጣደፋል። ያቺ «ሰላም ነን» ለላኪው ቀዝቃዛ ብትሆንም ለጻፋት ሰው የዕለቱ ትልቅ ሥራው ነበረች። በጦርነቱ ዘመን ከጥቅምት 2013 በኋላ ትግራይ ውስጥ ዘመድ የነበረው ሰው ሁሉ ይህን ከዚህ በከፋ መልኩ ያውቀዋል፤ እዚያ የተቋረጠው ስልኩም ጭምር ነበርና።

መስመር ኖሮም ቃል የሚቆጥብ ሰው አለ። መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ በሚውልበት አካባቢ «እዚያ እንዴት ነው ነገሩ?» ተብሎ በስልክ ሲጠየቅ «ሰላም ነው» ብሎ ዝም የሚለው ሰው ጠያቂውን ጠልቶ አይደለም። ስለ መንገድና ስለ ጸጥታ በጽሑፍ ትቶ መሄድ አይፈልግም። እንዲህ ያለውን ሰው «ምነው ደረቅህብኝ?» ብሎ ማስጨነቅ ደግ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። ወጣቷ ከ«ደህና ነን» ውስጥ ቁጣ ስትፈልግ ያልጠረጠረችው ነገር አለ። በዚህ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ብዙ ጊዜ በማለዳ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ ቤቱ ድረስ ተሄዶ ይነገረዋል። ልጁ ውጭ አገር ከሆነ እዚያ ከተማ ያሉ ወዳጆች ተፈልገው፣ ተሰባስበው ቤቷ ይሄዳሉ። ይህ እስኪዘጋጅ ድረስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል እሷ «እንደምን ናችሁ?» ብላ ትጽፋለች። ቤት ያለው ሰው ምን ብሎ ይመልስ? መዋሸት አይፈልግም፣ መናገርም አይችልም። የሚወጣው ቃል «ሁላችንም ደህና ነን» ነው፤ ጠፍጣፋ፣ አጭር፣ የዘገየ። ልክ ኩርፊያ ይመስላል።

ልዩነቱን የሚያሳዩ ነገሮች አሉ፤ መርዶ የደረሰባቸው ሰዎች በኋላ መለስ ብለው ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አያትን አገናኙኝ ሲባል አንድ ቀን «ተኝታለች»፣ ሌላ ቀን «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ ሦስተኛ ቀን «ኔትወርኩ አይሰማም» ይባላል። ስልኩን የሚያነሣው ሰው በየቀኑ ይለያያል። ጠያቂዋን ግን ማንም አይወቅሳትም፤ እንዲያውም ምርቃቱ ከወትሮው ይበዛል፣ «አይዞሽ» የሚል ቃል ያለ ቦታው ይገባል። የተቀየመ ሰው አይመርቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደራረብ ቤቱን በጽሑፍ ማፋጠጥ ዋጋ የለውም፤ ቤቱ ውስጥ ያሉት ለመደበቅ ተስማምተዋል። የሚሻለው ከዚያ ቤት ውጭ ያለ፣ ለጠያቂዋ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ጋ ደውሎ በግልጽ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ የመርዶን ሥርዓት መውቀስ ቀላል ነው፤ ለቅሶ ያለ ሰው ለብቻ ማልቀስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን አይቸኩልም።

ቁጣ ሲሆንስ በምን ይታወቃል? አማርኛ ለዚህ ከእጥረት የተሻሉ ምልክቶች አሉት። አንደኛው አንቱታ ነው። ዕድሜ ልኩን «አንቺ» ሲል የኖረ አጎት ድንገት «እርስዎ ደህና ነዎት?» ብሎ ከጻፈ ያ ቀልድ ካልሆነ ቅያሜ ነው፤ ቅርበቱን በሰዋስው አውልቆ አስቀምጦታል። ሌላው አሽሙር ነው። «ትልቅ ሰው አስታወሰን» ወይም «ከተማ ድሀ ያስረሳል» የሚል መልስ ረጅም ነው፣ ሰላምታም አለበት፤ ቁጣው ግን እሱ ውስጥ ነው። የተቆጣ ሰው ብዙ ጊዜ ቃል አይቆጥብም። «ጠፋሽ እኮ» የሚለውን ግን ከዚህ መደብ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ወቀሳ ይምሰል እንጂ ናፍቆት ነው።

ከቃሉ ይልቅ የሚያስተማምነው ለውጡ ነው። አጎትየው ካሁን በፊት በጽሑፍ እንዴት ነበር የሚመልሱት? ስልኩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ያለፉትን አምስት ስድስት መልሶች ማየት ነው። ፋሲካም እንቁጣጣሽም «dena nen» ብለው ከነበረ፣ የኅዳሩ «dena nen» አዲስ ነገር የለውም። ድሮ ምርቃት ይጽፉ የነበሩ ሰው ከአንድ ጉዳይ ወዲህ ሦስት ጊዜ ከደረቁ፣ ሲደወልላቸውም ካላነሡ፣ ለእህቷ ግን በሰፊው እያወሩ ከሆነ፣ ያኔ መጠርጠር ተገቢ ነው። አንድ መልእክት ብቻውን ለዚህ አይበቃም።

ነገሩን በእውነት የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው መልእክት ነው። «ምነው፣ ተቀየሙኝ እንዴ?» ይላል። ያልተቀየመ ሰው ይህን ሲያነብ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንድም ያላደረገውን ለማስተባበል ይገደዳል፤ አንድም «ምን አድርጋኝ ነው የምቀየመው?» ብሎ ማሰብ ይጀምራል። የማዳበሪያው ብር ትዝ የሚለው ያኔ ነው። ረስቶት የነበረውን ጠያቂዋ ራሷ አስታወሰችው። ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነበው ደግሞ ቤት ሙሉ ሰው ይሰማል፤ ጉዳዩ የሁለት ሰው መሆኑ ቀረ።

ያቺ ወጣት የተሻለ አማራጭ አላት። በአንድ ቃል የሚመለስ፣ የሰላምታ ያልሆነ አንድ ጥያቄ መላክ ነው፤ «ሩዙ ታጨደ?» ልጁም ቢጽፈው «አልታጨደም» ብሎ ይመልሳል፤ ቀጥሎ መቼ እንደሚታጨድ ትጠይቃለች፤ የመንገድ ላዩ ምልልስ በጽሑፍም ይጀመራል። ወይም ደግሞ ከመጻፍ መደወል ነው፤ ቀን ሳይሆን ማታ፣ ከብት ከገባና ራት ከተበላ በኋላ። ካርዱ የእሷ ይሁን። መጀመሪያ «ማን ልበል?» ሊባል ይችላል፤ ድምፁም ደረቅ ይሆናል፤ ቀፎ ቢቀየር የተቀመጠ ስም ይጠፋልና ቁጥሩ አይታወቅ ይሆናል። በዚህ እንዳትደነግጥ። ስሟን ስትናገር የሚከተለውን ድምፅ ትስማ።

እንበል ደወለች። አጎትየው አነሡ። ጥያቄው አንድ በአንድ መጣ፣ «ይመስገን» አንድ በአንድ ተመለሰ፣ ስልኩ ለአክስት ተሰጠ፣ ከአክስት ለልጆች፣ ተመልሶ ለአጎት። ሦስት አራት ደቂቃ እንዲህ ካለፈ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን እባክሽ፣ ያ ቀዩ በሬ እኮ...» አሉ።